«ገጽዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰረዛል»፦ የአንድ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የጉዳይ ጥናት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ጓደኛዬ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ገጼ ሊሰረዝ ነው፤ ኮድ መጥቶልኛል፣ ልስጣቸው ወይስ አልስጣቸው?» አለችኝ። የእጅ ጥልፍ የምታስተምርበት የፌስቡክ ገጽ አላት። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሆነው ስድስት ዓመት የለፉበት ነው። «አትስጪ፤ ሊንኩንም አትዝጊው፣ እንዳለ ተዪውና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ» አልኳት።

ጉዳዩን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ስሟንና የገጹን ስም ትቻለሁ። ገጻቸውና አካውንታቸው የተሰረቀባቸውን ሰዎች ከረዳሁ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ጓደኛዬ ሞኝ ስላልሆነች ነው። ከማታውቀው ሰው የሚመጣ ኢሜይል አትከፍትም፣ ሽልማት ደርሶሻል የሚላትን ታጠፋለች። የተታለለችው ማስጠንቀቂያው በራሱ በፌስቡክ መተግበሪያ ውስጥ ስለመጣላት ነው። «ከውጭ ቢመጣ አላምንም ነበር፤ ግን እዚያው ውስጥ ነው እኮ ያየሁት» ነበር ያለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያው ውስጥ ነው ያየችው።

መጀመሪያ ያየችው የደወሉ ምልክት ላይ የበራ ኖቲፊኬሽን ነው። አንድ ገጽ በፖስቱ ላይ የእሷን ገጽ ጠቅሶታል ይላል። የጠቀሰው ገጽ ስም «Page Violation Center» ሲሆን፣ የፕሮፋይል ሥዕሉ ሰማያዊ ጋሻ ነው፤ ጋሻው ላይ ነጭ የራይት ምልክት አለ። ፖስቱን ስትከፍተው የእሷና የሌሎች ሠላሳ ያህል ገጾች ስም ተደርድሮ፣ ከሥሩ ማስታወቂያው ይከተላል፤ ገጾቹ የማኅበረሰብ ደንብ ስለጣሱ ለዘለቄታው ሊሰረዙ ነው፣ ይግባኝ ማለት የሚቻለው በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው ይላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሜሴንጀር ሌላ መልእክት መጣ። ይዘቱ ያው ነው፤ ሊንኩ ግን አሁን ለእሷ ብቻ የተዘጋጀ መሰለ፤ የጉዳይ ቁጥር ተብሎ ረጅም አኃዝም ተያይዟል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የማታለያው ጥበብ ያለው እዚህ ነው። በፌስቡክ ማንኛውም ሰው ገጽ መክፈት ይችላል፤ የከፈተውን ገጽ ደግሞ ከድርጅቱ ጋር የሚያመሳስል ስም መስጠት ይሞክራል። «ፌስቡክ» ወይም «ሜታ» የሚለው ስም በቀጥታ ስለማይፈቀድለት፣ ወይ ፊደሉን በሚመስል ሌላ ፊደል ይተካዋል፣ ወይ እንደዚህኛው «ቫዮሌሽን»፣ «ሰፖርት»፣ «ሴንተር» የመሳሰሉ ማንም የማይከለክላቸውን ቃላት ያገጣጥማል። የማረጋገጫ ምልክት ስለሌለው ምልክቱን ሥዕሉ ውስጥ ይስለዋል። ትክክለኛው የማረጋገጫ ምልክት የሚቀመጠው ከስሙ ጎን እንጂ በሥዕሉ ውስጥ አይደለም። ከዚያ የአንቺን ገጽ በፖስት ይጠቅሳል። መተግበሪያው ደግሞ ማንም ቢጠቅስሽ እንደሚያደርገው ኖቲፊኬሽን ይልክልሻል። ኖቲፊኬሽኑ እውነተኛ ነው፤ የሚነግርሽ ግን አንድ ገጽ እንደጠቀሰሽ ብቻ ነው። የስረዛውን ወሬ የጻፈው ያ ገጽ ነው።

«ያንን ገጽ ክፈቺውና ስለ ገጹ የሚለው ቦታ ገብተሽ «Page transparency» የሚለውን ንኪ» አልኳት። እዚያ ገጹ የተከፈተበት ቀንና ስሙ የተቀያየረበት ታሪክ ይገኛል። የተከፈተው ከሦስት ዓመት በፊት ሆኖ፣ መጀመሪያ የነበረው ስም የአንድ ሰው የፎቶ ሥራ ስም ነበር፤ ወደ አሁኑ የተቀየረው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት። «ይሄም የሆነ ሰው ገጽ ነበር» አለች። አዎ፤ እንደ እሷ ተሸብሮ ኮዱን የሰጠ ሰው ገጽ መሆኑ አይቀርም። አጭበርባሪዎቹ አዲስ ከመክፈት ይልቅ የተሰረቀ አሮጌ ገጽ ይመርጣሉ፤ ዕድሜ ያለው ገጽ ጥርጣሬ አይቀሰቅስም።

ሊንኩ የወሰዳት ቦታ የፌስቡክን መልክ ይዟል፤ ቀለሙ፣ የላይኛው አሞሌ፣ ታች ያሉት ትናንሽ ጽሑፎች ሁሉ ተቀድተዋል። አድራሻውን ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ትክክለኛውን እዚህ አልደግመውም፤ አሠራሩ ግን ይህን ይመስላል፦

```
https://facebook.com-page-review.example/appeal/
```

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው «facebook.com» ላይ ነው። አነባበቡ ግን ሌላ ነው። ከ `https://` በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር `/` ፈልጊ፤ ከእሱ ወደ ግራ ተመለሺ። የቦታው ባለቤት እዝባሩን ተጠግቶ ያለው ስም ነው፤ እዚህ ላይ `com-page-review.example`። ከነጥቡ በፊት ያለው «facebook» ባለቤቱ የፈለገውን የሚጽፍበት ቅጥያ ብቻ ነው። እውነተኛው ቢሆን እዝባሩ ወዲያው `facebook.com` ከሚለው በኋላ ይመጣ ነበር። ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ መተግበሪያው ሊንኩን በራሱ ትንሽ መስኮት ሲከፍተው አድራሻው ከላይ ተቆርጦ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ይታያል። አጭበርባሪው «facebook» የሚለውን ከፊት ያስቀደመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቅጹ የገጹን ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ጠየቃት፤ ሞላች። ቀጥሎ ፓስወርድ ጠየቃት፤ አስገባች። «ፓስወርድዎ ትክክል አይደለም፣ እንደገና ይሞክሩ» አላት።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ተሳስቼ ነው ብዬ ሌላኛውን ሞከርኩ።»

«ሌላኛው የምንድን ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ «የኢሜይሌ» አለች።

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም። ያ ቅጽ የመጀመሪያውን ፓስወርድ ሁልጊዜ ስህተት ነው ይላል፤ ትክክልም ይሁን አይሁን አይመረምርም። ሰው ሲሳሳት ሌላ የሚያስታውሰውን ፓስወርድ ይሞክራል፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኢሜይሉ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው ደግሞ የሌላውን ሁሉ ፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ ይቀበላል። አንድ ትንሽ ነገር ግን ቀድሞ ጠቁሟት ነበር። ስልኳ ፓስወርድ ያስቀምጥላታል፤ ፌስቡክ ስትገባ ሁሌ ራሱ ይሞላላታል። በዚያ ቅጽ ላይ ግን አልሞላም፤ በእጇ ጻፈችው። ስልኩ ያልሞላው ስለሰነፈ አይደለም፤ ፓስወርዱን ያስቀመጠው ለትክክለኛው አድራሻ ስለሆነ፣ ይኼኛውን አድራሻ አያውቀውም። ዓይን በመልክ ይታለላል፤ ስልኩ የሚያነጻጽረው አድራሻውን ብቻ ነው። ሁሌ የሚሞላልሽ ነገር ድንገት ካልሞላ፣ እጅሽን ከመጻፍ ሰብስበሽ አድራሻውን አንብቢ።

በመጨረሻ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ በኤስኤምኤስ መጣላት፤ ቅጹም ኮዱን አስገቢ አላት። እኔ ጋ የደወለችው እዚህ ላይ ነው። ያ ኮድ የመጣው ይግባኟ ስለተመዘገበ አይደለም። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው የሰጠቻቸውን ፓስወርድ ይዞ በስሟ ለመግባት እየሞከረ ስለነበር ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የቀረው ኮዱ ብቻ ነበር። ሰጥታው ቢሆን ኖሮ ቅጹ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ያቆያታል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ጊዜ ኢሜይሏንና ስልኳን ከአካውንቱ ያወጣል፣ ከዚያ በገጹ ላይ ሙሉ ሥልጣን ለራሱ ሰጥቶ እሷንና ወንድሟን ያስወግዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለይተን ሠራን። መጀመሪያ የኢሜይሏን ፓስወርድ ቀየረች፤ ፌስቡኩን ቀድማ ብትቀይር ኢሜይሉን የያዘው ሰው መልሶ ሊቀይርባት ይችላል። ኢሜይሏ ውስጥ መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳልተጨመረም አየች። ቀጥላ ወደ ፌስቡክ ገብታ፣ ከመልእክቱ ሳይሆን ከመተግበሪያው ሴቲንግ፣ ፓስወርዷን ቀየረችና ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ አደረገች። የገቡ መሣሪያዎች ዝርዝር ላይ የማታውቀው አልነበረም፤ ኮዱን አለመስጠቷ ጠቅሟታል። የተመዘገቡት ኢሜይልና ስልክ የእሷው ብቻ መሆናቸውን፣ በገጹ ላይ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይም እሷና ወንድሟ ብቻ መኖራቸውን አረጋገጠች። ወንድሟ ጋ ስንደውል እሱም ያንኑ ኖቲፊኬሽን አይቶታል፤ ሥራ ላይ ስለነበር አልከፈተውም።

ይህን ሁሉ ስትሠራ አንድ ነገር አልለቀቃትም። «ግን እውነት ቢሆንስ? ገጼ በእርግጥ ጥፋት ኖሮበት ቢሆንስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሰውን «የሐሰት ነው፣ ተዪው» ብሎ ማረጋጋት አይበቃም፤ ፌስቡክ ደንብ የጣሱ ገጾችን በእርግጥ ያግዳልና። ስለዚህ የሚያሻት የእኔ ቃል ሳይሆን መልሱ ያለበት ቦታ ነው።

መተግበሪያው ውስጥ ያለውን ሁሉ በሁለት ክፍል ልንለየው እንችላለን። አንደኛው ማንም ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችል ቦታ ነው፤ የሜሴንጀር መልእክት፣ ኮሜንት፣ ፖስት፣ ሜንሽን፣ ወደ ግሩፕ ወይም ወደ ገጽ የሚመጣ ግብዣ። ሁለተኛው ድርጅቱ ብቻ የሚጽፍበት ነው። ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያው ክፍል ሲመጣ፣ መልኩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ የአንድ ተጠቃሚ ጽሑፍ ነው። እውነተኛው ውሳኔ ካለ በሁለተኛው ክፍል ተመዝግቦ ይገኛል።

ለእሷ ገጽ ሁለተኛው ክፍል ሁለት ቦታ አለው። ወደ ገጹ ቀይራ ገብታ «Professional dashboard» የሚለውን ከፈተች፤ እዚያ ውስጥ «Page status» አለ። ገጹ ላይ ችግር እንደሌለ የሚገልጽ አረንጓዴ ምልክት ነበር። ከዚያ በሜኑ «Help & support» ውስጥ ያለውን «Support Inbox» አየች። ስለ ተወገደ ፖስት፣ ስለ ይግባኝ፣ እሷ ስላደረገችው ሪፖርት ድርጅቱ የጻፈው ካለ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ራሷ ሪፖርት ያደረገችው የሌላ ሰው ኮሜንት መልስ ብቻ ነበር። የሜኑዎቹ አቀማመጥ ከስሪት ስሪት ስለሚቀያየር፣ ስሞቹን ካላገኘሽ በሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ላይ «status» ብለሽ ጻፊ። ዋናው ነገር በራስሽ እግር መሄድሽ ነው፤ በመልእክቱ ሊንክ ሳይሆን።

ይህን ስናይ «24 ሰዓት» የሚለው ቁጥርም ፈረሰ። ፌስቡክ አንድን አካውንት ሲያግድ ይግባኝ ለማለት የሚሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነው። አካውንቱ የታገደበት ሰው ደግሞ ይህን የሚያረጋግጠው ከማንም መልእክት አይደለም፤ ሊገባ ሲሞክር ራሱ መተግበሪያው ሙሉ ማያ ላይ ያሳየዋል፤ ይግባኙም ከዚያው ይጀምራል። አጭበርባሪው ጊዜውን የሚያሳጥረው ሰው እነዚህን ቦታዎች ሄዶ ሳያይ እንዲጣደፍ ነው።

በማግስቱ በኢሜይል ሦስተኛው መጣ። ይህኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ላኪው አድራሻ `facebookmail.com` ላይ ያለቀ ነበር፤ ይህ ፌስቡክ በእርግጥ ኢሜይል የሚልክበት አድራሻ ነው። ጓደኛዬ ላኪ ማየትን ከእኔ ተምራለችና «ይሄኛውስ? ይሄኛው የእነሱ ነው» አለች። የእነሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን የእነሱ አልነበረም። አንድ ሰው በፌስቡክ የንግድ አካውንት ይከፍታል፤ ስሙን «ገጽዎ ለስረዛ ተይዟል፣ ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ» ከሚል ሐረግና ከሊንክ ጋር ያቆራኘዋል። ከዚያ ለአንቺ የአጋርነት ግብዣ ይልካል። ፌስቡክ ግብዣውን በራሱ ኢሜይል ያደርሳል፤ በግብዣው ውስጥ የላኪው ስም ሆኖ የሚነበበው ግን ያ ማስፈራሪያ ነው። ስለዚህ የላኪ አድራሻ ሐሰተኛ ከሆነ መልእክቱ ሐሰት መሆኑን ይነግርሻል፤ እውነተኛ ከሆነ ግን ጽሑፉ እውነት መሆኑን አይነግርሽም። በ«Accounts Center» ውስጥ «Password and security» ከዚያ «Recent emails» የሚለው ፌስቡክ በቅርቡ የላከልሽን ኢሜይል ይዘረዝራል፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን እሱም የሚመልሰው «የላከው ማን ነው» የሚለውን እንጂ «ገጼ ጥፋት አለበት ወይ» የሚለውን አይደለም። ያንን የሚመልሱት «Page status» እና «Support Inbox» ናቸው። ግብዣውን ሳትቀበል አጠፋችው፤ ገጹንና መልእክቱንም ሪፖርት አድርጋ ብሎክ አደረገች።

አሠራሩ በሌሎቹም ተመሳሳይ ነው፤ ቦታው ብቻ ይለያያል። ኢንስታግራም ስለ አካውንትሽ በግል መልእክት አይጽፍልሽም፤ ያለበትን ሁኔታ በሴቲንግ ውስጥ «Account Status» ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ ቻናል የተቀበለው ስትራይክ፣ ማለትም የደንብ ጥሰት ቅጣት፣ ካለ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ኮሜንት ላይ ወይም በግል መልእክት የሚመጣውን በእነዚህ ቦታዎች ካላገኘሽው፣ የለም ማለት ነው።

ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጓደኛዬ እንደገና ደወለች፤ አንድ የጥልፍ ትምህርት ቪዲዮዋ ድምፅ አጥቷል ብለው ተከታዮቿ ነግረዋታል። «ኖቲፊኬሽን አልመጣልሽም?» አልኳት። መጥቶ ነበር፤ ስለ ቪዲዮዋ ይላል፤ «እነዚያ ሌቦች ናቸው» ብላ ሳትከፍተው አጥፍታዋለች። ይህ እኔን ያሳሰበኝ ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ነው፤ አንዴ የተነደፈ ሰው እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ ይጥላል።

«አሁን ራስሽ ሂጂና እዪው» አልኳት። «Support Inbox» ውስጥ ነበር። የትኛው ቪዲዮ እንደሆነ፣ መቼ እንደተለጠፈ፣ ከጀርባ የነበረው ዘፈን የባለመብት መሆኑን፣ ድምፁ የጠፋበት ክፍል የት ላይ እንደሆነ ይዘረዝራል። ገጽሽ ይሰረዛል የሚል ቃል አልነበረውም። ፓስወርድ አልጠየቀም፤ ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክም አልነበረውም፤ ውሳኔውን የመቃወሚያው ቁልፍ እዚያው ነበር። ከሐሰተኛው ጋር ጎን ለጎን ስናየው ልዩነቱን ራሷ አወጣችው። «ያኛው ስለ ገጼ አንድም ነገር አያውቅም ነበር» አለች። ደንብ ጥሰሻል ይላል፤ የትኛው ፖስት፣ መቼ፣ ምን የሚል ቃል የለበትም፤ ለሠላሳ ገጽ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነበርና።

ዘፈኑን በእርግጥ ሳታስፈቅድ ነው የተጠቀመችው፤ ስለዚህ አልተቃወመችም፤ ድምፁን አውጥታ የራሷን ማብራሪያ ቀድታበት ቪዲዮውን እንደገና ለጠፈችው። ለወንድሟም ሁለቱን ቦታዎች አሳየችው፤ አሁን ማንኛቸውም ማስጠንቀቂያ ሲያዩ ሳይነኩት መተግበሪያውን ዘግተው እንደገና ይከፍታሉ፣ «Page status» እና «Support Inbox» ያያሉ፣ ስክሪንሾቱን ለሌላው ይልካሉ። ባለፈው ሳምንት «ገጽዎ ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚል መልእክት በሜሴንጀር መጥቶ ነበር። ወንድሟ የላከላት የመልእክቱን ስክሪንሾት ሳይሆን የአረንጓዴውን ምልክት ነበር።